በሳምንት 20 በመቶ «ዋስትና ያለው» ትርፍ

«ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ በአካውንቲንግ እመረቃለሁ። ቴሌግራም ላይ መቼ መግዛትና መሸጥ እንደሚሻል የሚጠቁም የሲግናል ቻናል ያለው አንድ ልጅ፣ 300 ዶላር አስገብቼ የእሱን ትሬድ ኮፒ ባደርግ በሳምንት 20 በመቶ በዋስትና እንደማገኝ ነገረኝ። ጓደኞቼን ካመጣሁም ኮሚሽን አለኝ። የትሬድ ታሪኩን አይቼዋለሁ፣ ኪሳራ የለበትም ማለት ይቻላል። ሥራ ፍለጋውን ትቼ ይህን ልያዝ ወይ? ምን ይመክሩኛል?»

አትያዘው። የሂሳብ ሰው ነህና በቁጥር እንነጋገር። በሳምንት 20 በመቶ እየተደራረበ ቢሄድ 10 ሺህ ብር በ52 ሳምንት ከ130 ሚሊዮን ብር ያልፋል። ይህን የሚችል ሰው የተማሪ 300 ዶላር አያሳድድም።

ያየኸው ታሪክ ግን የግድ የተፈበረከ ላይሆን ይችላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ታሪክ የሚመዘግበው የተዘጋ ትሬድ ብቻ ነው። የከሰረበትን ሳይዘጋ በላዩ እጥፍ እየጨመረ ዋጋው እስኪመለስ የሚጠብቅ ሰው፣ መዝገቡ ሁልጊዜ ትርፍ ይመስላል።

ወርቅን እንውሰድ። የትሬድ መጠን የሚለካው በሎት ነው፤ በአብዛኞቹ ብሮከሮች፣ ማለትም አገበያይ ድርጅቶች፣ 0.01 ሎት 1 አውንስ ነው፤ ዋጋው 1 ዶላር ሲንቀሳቀስ 1 ዶላር ታገኛለህ ወይም ታጣለህ። ልጁ ይወርዳል ብሎ 0.01 ሸጠ፤ ዋጋው ወጣ። በየ5 ዶላሩ ጭማሪ 0.02፣ 0.04፣ 0.08፣ 0.16 እያለ ሸጠ። ወርቁ ከመነሻው 20 ዶላር ሲወጣ ኪሳራው 130 ዶላር ነው። ሌላ 5 ዶላር ብቻ ሲጨምር 285 ይደርሳል፤ ብሮከሩ ቀድሞ ካልዘጋው ማለት ነው። ወርቅ ደግሞ በአንድ ቀን 25 ዶላር መውጣቱ ብርቅ አይደለም። የወራት ትርፍ በአንድ ከሰዓት ይሄዳል፣ ዋናውንም ይዞ።

ለእሱ ግን ግድ ላይሰጠው ይችላል። በእሱ ሊንክ ከተመዘገብክ ብሮከሩ ብዙ ጊዜ ለእሱ የሚከፍለው በሎት ነው፤ ሎቱ ሲታጠፍ የእሱም ድርሻ ይታጠፋል።

ማየት ከፈለግህ ኢንቨስተር ፓስወርዱን ጠይቀው፤ ለማየት ብቻ የሚያገለግል ነው፣ መነገድም ገንዘብ ማውጣትም አያስችልም። መገበያያ መተግበሪያው MT5 ላይ ስትገባ Equity፣ ማለትም ያልተዘጉት ትሬዶች ተቆጥረው ያለው ገንዘብ፣ የተዘጉትን ብቻ ከሚቆጥረው Balance በጣም አንሶ ካየህ፣ ያልተዘጋ ኪሳራ ተደብቋል። የሰርቨሩ ስም Demo ካለበት ገንዘቡ የልምምድ ነው። «አልሰጥም» ካለም ያው ነው።

ገንዘቡን በራስህ ስም በተከፈተ አካውንት ሳይሆን ወደ እሱ ላክ ካለህ ደግሞ ትሬድ መኖሩንም እጠራጠራለሁ። እንዲህ ያለው ቦታ ብርህን ለማውጣት ስትሞክር «መጀመሪያ ታክስ ክፈል» ይመጣል። ያኔ አንድ ሳንቲም አትጨምር፤ ደረሰኝህንና የቴሌግራም ንግግሩን ይዘህ በዚያው ቀን ወደ ባንክህና ወደ ፖሊስ ሂድ።

ኮሚሽኑንም እርሳው። የክፍል ጓደኛህ ሲከስር የሚያውቀው አንተን እንጂ ቻናሉን አይደለም።

ገበያው በእውነት ከሳበህ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በዙሪያው የሚሠሩ ድርጅቶች የአካውንቲንግ ምሩቅ ያስፈልጋቸዋል። ከማመልከትህ በፊት የድርጅቱን ስም የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ከሰጣቸው መካከል ፈልገው።