አምስት ጨዋታ፣ አምስት ጎል

ልጆቼ፣ ባለፈው ከዚራ ዛፉ ሥር ተቀምጬ ወሬያችሁን ስሰማ ነበር። «ይሄ ልጅ እሳት ነው አቦ! አምስት ጨዋታ፣ አምስት ጎል! በቃ አሁኑኑ ይፈርም!» ጣልቃ ልገባ ዳድቶኝ ነበር። ሽማግሌ ሲያቋርጥ ጨዋታው ይበርዳል ብዬ ተውኩት። ያን ዕለት የዋጥኩትን ዛሬ ልጻፍላችሁ።

ሒሳብ ያስተማርኩት ሠላሳ ዓመት ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ እዚሁ ድሬ ለአንድ ክለብ መዝገብ እይዝ ነበር። ጎል ብቻ አልነበረም የምጽፈው። ማን ሞከረ፣ ከየት ሞከረ፣ በእግር ነው በግንባር፣ ሁሉንም። ሰዉ ሲጮህ እኔ አንገቴን ደፍቼ ስለምጽፍ ብዙ ጎል አምልጦኛል።

አንድ ዓመት ልክ እናንተ እንደምታወሩለት ያለ አጥቂ መጣልን። በሙከራ ጊዜው አምስት ጨዋታ ተሰለፈ፤ አምስት ጎል አገባ። ኮሚቴው አበደ። ደብተሬን ገለጥኩ። ልጁ 20 ጊዜ ሞክሯል። ከአምስቱ ጎል አንዱ ፍፁም ቅጣት ምት ነው። ሌላው የተከላካይ እግር ነክቶ አቅጣጫውን ቀይሮ የገባ ነው። ይህን ብናገርም የሚሰማኝ አላገኘሁም። አንዱ የኮሚቴ አባል «ጋሼ፣ ጎል ጎል ነው» አለኝ። ነጥብ ለመቁጠር ከሆነ ልክ ነው። ነገ ስንት ያገባል ለማለት ግን ልክ አይደለም።

ለምን እንደሆነ በቦሎቄ ላሳያችሁ። ጣሳ ውስጥ ዘጠኝ ነጭና አንድ ቀይ ቦሎቄ ክተቱ። ሳታዩ አንድ አውጡ፤ ቀይ ከሆነ ጎል ነው። መልሱት፣ በጥብጡት፣ እንደገና አውጡ። ይህ ከአሥር ሙከራ አንዱን የሚያገባ አጥቂ ነው። በሙከራ ብዛት ሲታይ ተራ የሚባለው አጥቂ እዚያው አካባቢ ነው። በጨዋታ አራት ጊዜ ይሞክራል እንበል፤ በአምስት ጨዋታ 20 ሙከራ ይሆናል። የሚጠበቀው ሁለት ጎል ነው።

የልጅ ልጄን አስቀምጬ ለ20 «አጥቂዎች» እያንዳንዳቸው 20 ጊዜ እንዲያወጣ አደረግኩት። አንዱ አምስት ጎል አገባ። ሦስቱ አንድም አላገቡም። ልጁ ባለ አምስቱን «ይሄኛው ጎበዝ ነው» አለኝ። ጣሳው አንድ፣ ቦሎቄውም ያው!

ሒሳቡም ይህንኑ ይላል። እንዲህ ያለ ተራ አጥቂ በአምስት ጨዋታ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የማግባት ዕድሉ ከ100 አራት ገደማ ነው። ጥቂት ይመስላል። ግን በሊጉ ውስጥ እሱን የሚመስሉ 20 አጥቂዎች ካሉ፣ ቢያንስ አንዱ ይህን የማድረጉ ዕድል ከ100 ወደ 60 ይጠጋል። እናንተ ደግሞ የምታወሩት ስለዚያ ስላገባው እንጂ ስለ 19ኙ አይደለም። ከሃያ ሰው መሃል የደመቀውን መርጣችሁ «እንዴት ደመቀ!» ማለት ትንሽ ያሳስታል። በሌላ በኩል ያው ተራ አጥቂ በአምስት ጨዋታ ባዶ እጁን የመውጣት ዕድሉ ከ100 አሥራ ሁለት ነው። እሱን «አለቀለት» የምትሉትም እናንተው ናችሁ።

ታዲያ አምስቱ ጎል ምንም አይነግረንም? ይነግራል፣ ግን በመጠኑ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ አጥቂ ያልተጫወታቸውን 20 ተራ ጨዋታዎች እጨምርለታለሁ። ተራው አጥቂ በጨዋታ 0.4 ጎል ካገባ፣ 20 ጨዋታ ማለት 8 ጎል ነው። የልጁን አምስት ስደምር 13 ጎል በ25 ጨዋታ ይሆናል። በጨዋታ 0.52 ማለት ነው። ከተራው ይበልጣል፤ ከአንድ ጎል በጨዋታ ግን በጣም ያንሳል። ልጁ 20 ጨዋታ ሲደርስ የራሱ መዝገብ ግማሹን ይመዝናል፤ 60 ሲደርስ ሦስት አራተኛውን። ሃያ የምትለዋ ቁጥር ከሰማይ አልወረደችም፣ የእኔ ግምት ናት። የሊጉ አጥቂዎች በችሎታ በጣም የሚራራቁ ከሆነ ቁጥሩን መቀነስ፣ ተቀራራቢ ከሆኑ መጨመር ነው።

ልጁ ፈረመ። ከዚያ በኋላ በ15 ጨዋታ ስድስት ጎል አገባ። ኮሚቴው 15 ሲጠብቅ፣ እኔ ስምንት ገደማ ብዬ ነበር። ሙከራው አልቀነሰም፤ አሁንም በጨዋታ አራት ገደማ ነበር። ወሬው ግን ሌላ ሆነ። ገንዘብ አጠገበው ተባለ። ጫት አበዛ ተባለ። አንዷ እናት «ዓይን ነው የበላው» አሉ። አሰልጣኙም ሰው ፊት ሰደበው፤ በሳምንቱ ሁለት ሲያገባ «አያችሁ፣ ስድብ ነው መድኃኒቱ» አለ። የሚሰደበው ሁልጊዜ መጥፎ ከተጫወተ በኋላ ነው። ከመጥፎ ቀን በኋላ ደግሞ፣ ስድብ ኖረ አልኖረ፣ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ቀን ነው። ወደ አማካይ መመለስ የሚባለው ይህ ነው። ልጁ ማንም ሳይነካው ወደ ራሱ ልክ ተመለሰ።

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። ሴኔጋላዊው ፓፒስ ሲሴ በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ኒውካስል ገብቶ በቀረው የሊግ ዘመን በ14 ጨዋታ 13 ጎል አስቆጠረ። በዚያ ፍጥነት ቢቀጥል በቀጣዩ ዓመት በተሰለፈባቸው 36 የሊግ ጨዋታዎች 33 ያገባ ነበር። ያገባው 8 ነው። ሁለቱን ደምሩት፤ 21 ጎል በ50 ጨዋታ፣ በጨዋታ 0.42። ሳልደብቃችሁ፣ የእኔ ስሌትም ለዚያ ዓመት 22 ይል ነበር። ተሳስቷል፤ ግን ከ33ቱ የቀረበ ስህተት ነው። የሚደርሰውን ኳስና የሚቆምበትን ቦታ ቁጥሬ አያይም።

አንድ ነገር ደግሞ አትሳቱ፣ በተለይ ቤቲንግ ቤት የምትመላለሱ። ወደ አማካይ መመለስ ዕዳ መክፈል አይደለም። አምስት ያገባ ሰው ቀጥሎ መድረቅ የለበትም። ቦሎቄው ያለፈውን አያስታውስም። ቀጣዩ የሚጠበቀው ልኩን ያህል ነው፣ ከልኩ በታች አይደለም።

እውነተኛ ለውጥ የመጣ እንደሆነስ በምን ይታወቃል? እኔ ከጎሉ በፊት ሙከራውን አያለሁ። ሙከራ ከጎል ስለሚበዛ ቶሎ ይረጋጋል። ሌላ አጥቂ ነበረን፣ በክንፍ በኩል የሚጫወት። በጨዋታ ሁለት ጊዜ ነበር የሚሞክረው፣ እሱንም ከሩቅ። አሰልጣኙ ወደ መሃል አመጣው። በስድስት ጨዋታ ያገባው ሁለት ብቻ ነበር፤ ማንም አላየውም። ደብተሬ ላይ ግን ሙከራው በጨዋታ አምስት ደርሷል፣ አብዛኛውም ከበረኛው ሳጥን ፊት ለፊት። ለእሱ ነበር የተከራከርኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ የኮሚቴ ሰው ደወለልኝ። ሳቢያን ሜዳ ላይ በሦስት ጨዋታ አራት ያገባ ልጅ አለ አለኝ።

«ስንት ጊዜ ሞከረ?» አልኩት።

«እሱን አልቆጠርንም ጋሼ።»

«ፍፁም ቅጣት ምት አለበት?»

ትንሽ ዝም አለ። «ሁለቱ።»

እሁድ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ አልኩት። የልጅ ልጄም ይመጣል፣ እስክሪብቶውን ይዞ።