ሁለተኛው ዓምድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አዳማ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ሁለት መቶ ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ስምንት መቶ ሺህ ብበደርበትና ቦሎቄ ገዝቼ ባስቀምጥ ምን ይመስልሃል?" አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከተማችንን ናዝሬት እያልን በምንጠራበት ጊዜ፣ ወጣት ሳለሁ፣ የአንድ እህል መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ነጭ ቦሎቄ ወደ ውጭ ይላካል፤ ምርት ሲገባ ይረክሳል፤ ክረምት ሲቃረብ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። አብሮ አደጌ ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ማታ፣ "አንተ ቁጥር ታውቃለህ፣ አስላልኝ" አለኝ። አሰላሁለት። ዋጋው ቢጨምር ስንት እንደሚያተርፍ በአንድ ዓምድ ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት ፊቱ በርቶ ነበር። የቤቱን ካርታ አስይዞ ተበደረ።

የዚያን ወረቀት ሒሳብ በልጁ ብር ልድገመው፤ ቁጥሩን ለመቁጠር እንዲቀል አድርጌዋለሁ። ኩንታሉ 5,000 ብር ነው እንበል። በራሱ 200,000 ብር 40 ኩንታል ይገዛል። በ800,000 ብድር ሲታገዝ 200 ኩንታል ይገዛል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን ለስድስት ወር 60,000 ብር ነው። ስለዚህ በግንቦት ለባንክ የሚመልሰው 860,000 ነው።

ዋጋው 6,500 ቢገባ፣ ሳይበደር 60,000 ያተርፋል። ተበድሮ ከሆነ በ1,300,000 ይሸጣል፤ ዕዳውን ከፍሎ 440,000 ይቀረዋል። ትርፉ 240,000 ነው። በስድስት ወር ከእጥፍ በላይ! እኔ የጻፍኩት ዓምድ ይኸው ነበር።

አሁን ያልጻፍኩት ዓምድ። ዋጋው 4,500 ቢወርድ፣ ሳይበደር 20,000 ይከስራል። ያማል፣ ግን ይቆማል። ተበድሮ ከሆነ በ900,000 ሸጦ፣ 860,000 ከፍሎ የሚቀረው 40,000 ብቻ ነው። ዋጋው የወረደው 10 በመቶ ነው፤ ከገንዘቡ 80 በመቶው ግን ሄዷል። 4,300 ከደረሰ ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል። ከዚያ በታች ቤቱ ነው የሚነካው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ሁለት መቶ ሺህ ሰው የአንድ ሚሊዮን እህል ሲይዝ፣ ዋጋው ወደ ላይም ወደ ታችም ሲሄድ ለእሱ አምስት እጥፍ ሆኖ ይደርሰዋል። ፈረንጆቹ ሌቨሬጅ የሚሉት ይህንን ነው። ወለዱ ግን አይለዋወጥም፤ ከትርፉም ላይ ይቀነሳል፣ ኪሳራውም ላይ ይደመራል። ዋጋው ባለበት ቢቆም እንኳ 60,000 ይከስራል።

በዚያ ዓመት ዋጋው ወረደ። በሚያዝያ መጋዘኑ ገብተን አንድ ጆንያ ፈታን። ጓደኛዬ እፍኝ ቦሎቄ ዘግኖ መዳፉ ላይ ዘረጋው። ፍሬዎቹ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ክብ ክብ ነገር ይታያል፤ ነቀዝ ገብቶበታል። ምንም አልተናገረም። አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ሰንጥቆ ውስጡን አየና ጣለው። የብድሩ ቀን ደረሰ። ባንኩ ማራዘሚያ አልሰጠውም፤ በተገኘው ዋጋ ሸጠ። ከሦስት ወር በኋላ ቦሎቄ ተወደደ። ያልተበደሩት ነጋዴዎች ጠብቀው፣ እህላቸውን አናፍሰውና አበጥረው ሸጡ። እሱ መጠበቅ አይችልም ነበር። ቤቱን ሸጦ ወደ ወላጆቹ አገር ሲገባ ሻንጣውን እስከ መናኸሪያ ተሸከምኩለት። ስለ ወረቀቱ አንስቶብኝ አያውቅም።

የዛሬ ልጆች በጣም ትቸኩላላችሁ። በስልክ ፎሬክስ የሚሉትን የውጭ ገንዘብ ንግድ፣ አንድ አስይዛችሁ መቶ እያንቀሳቀሳችሁ፣ አንድ ለመቶ እያላችሁ ትጫወታላችሁ። በዚያ ሒሳብ ዋጋው 1 በመቶ ብቻ ቢዞርባችሁ ያስያዛችሁት ያልቃል። ለመጠበቅ እንኳ ዕድል የለም፤ የሚያገበያያችሁ ኩባንያ ራሱ ንግዱን ይዘጋባችኋል።

እኔስ? ይህን ቤት የሠራሁት በብድር ነው፤ አልዋሽም። ግን ወርሃዊውን የምከፍለው ከደመወዜ ነበር። የቤት ዋጋ ቢወርድም ባይወርድም ክፍያዬ አይነካም፣ ሽጥ ብሎ የሚያስገድደኝ አልነበረም። የጓደኛዬ ዕዳ ግን የሚከፈለው ከራሱ ከቦሎቄው ነበር።

ለልጁ ወረቀት ሰጥቼ መሃሉ ላይ መስመር አሰመርኩለት። በቀኝ በኩል ኩንታሉ 4,300 ሲገባ ምን እንደሚያደርግ፣ ባንኩ ባያራዝምለት ከየት እንደሚከፍል እንዲጽፍ ነገርኩት። እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። ቡናው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ፣ "ጋሼ፣ አርባ ኩንታሉን ብቻ ብገዛስ?" አለኝ። ነቀዝ እንዳይገባበት እንዴት እንደሚያስቀምጠው ማውራት ጀመርን።