«ለዛ» ወይስ «ጤዛ»? ለአዲስ ጁስ ስም መምረጥና በገዢ ማስፈተን

ጥያቄ፦ «ሰላም የግሩፑ አባላት። ሀዋሳ ላይ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የማንጎና የአናናስ ጁስ በጠርሙስ እያሸግን ልንሸጥ ነው። ለስም ሲዳማ ፍሬሽ፣ ቪታ ጁስ፣ ለዛ እና ጤዛ የሚሉትን ይዘናል። የጠየቅናቸው ሰዎች ሁሉንም ቆንጆ ነው ይሉናል። የቱ ይሻላል? ከገዢ ጋርስ እንዴት ነው የሚፈተነው?»

መልስ፦

ከመፈተናችሁ በፊት ሁለቱን ከዝርዝሩ አውጧቸው። «ሲዳማ ፍሬሽ» የቦታ ስምና ትኩስነትን የሚገልጽ ቃል ብቻ ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምርቱን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ምልክት ለመመዝገብ ይቸገራል። ተሳክቶላችሁ ገበያ ብትይዙ እንኳ ነገ ሌላው «ሲዳማ ናቹራል» ብሎ አጠገባችሁ ሲደረደር የምትከራከሩበት ነገር አይኖራችሁም።

«ቪታ ጁስ» ደግሞ ሦስት ጣጣ አለበት። ቪታሚንን የሚያስታውስ ስም በምግብና መጠጥ ላይ ስለበዛ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። «ቪ» የሚለው ድምፅ በአማርኛም፣ በሻሸመኔ በኩል በሚገጥማችሁ ኦሮምኛም የውሰት ድምፅ ስለሆነ ብዙ ሰው «ቢታ» ይለዋል። ትልቁ ግን «ጁስ» የሚለው ነው። ማንጎ ሲፈጭ ወፍራም ስለሚሆን በጠርሙስ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ውሃና ስኳር ይጨመርበታል፤ ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ያ ኔክታር ነው እንጂ ጁስ አይባልም። ለኔክታር የተቀመጠው ዝቅተኛው የፍሬ መጠን ለማንጎ 25፣ ለአናናስ 40 በመቶ ነው። የምርቱን ዓይነት ስሙ ውስጥ ከቀበራችሁት ቀመሩን በቀየራችሁ ቁጥር ስሙ ይከሳችኋል። ዓይነቱ ከስሙ በታች በትንሽ ፊደል ይጻፍ።

ቀሩ «ለዛ» እና «ጤዛ»። ሁለት ስም ብቻ ማወዳደር ግን አይመከርም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው በምርጫ ሳይሆን በዕጦት ያሸንፋል። ሦስተኛ ጨምሩ፣ ቢቻል ከሲዳምኛ። የሲዳምኛ ቃላት በአናባቢ ስለሚያልቁ ለአማርኛም ለኦሮምኛም ተናጋሪ ምላስ አያስቸግሩም። የቃሉን ትርጉም ግን የከተማ ልጅ ብቻ አትጠይቁ። ከገጠር የመጣ ትልቅ ሰውም ይስማው፤ ወላይትኛና ኦሮምኛ ተናጋሪም እንዲሁ። «መጥፎ ትርጉም አለው ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «የለውም» ነው የሚሏችሁ። «ልጆች በዚህ ስም ሊቀልዱ ቢፈልጉ ምን ይሉታል?» በሏቸው፤ ያኔ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

የጠየቃችኋቸው ሁሉ ቆንጆ ነው ያሉት ስሞቹ ቆንጆ ስለሆኑ ላይሆን ይችላል። ይሉኝታ አለ። ሰው ፊት ለፊት «ወደድከው ወይ?» ተብሎ «አልወደድኩትም» አይልም፣ በተለይ ጠያቂው ባለቤቱ መሆኑን ካወቀ። ስለዚህ በፈተናው ውስጥ መውደድን የሚመለከት አንድም ጥያቄ አይኑር። የሚለካው ሰውየው የሚያደርገው ነው፦ መስማቱ፣ መጻፉ፣ ማዘዙ፣ በማግስቱ ማስታወሱ። ጠያቂውም ከሦስታችሁ አንዱ ባይሆን ይሻላል።

ለሦስት ስም 60 ሰው ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ ስም 20። አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ነው የሚሰማው። ሦስቱን ካሰማችሁት ገዢ መሆኑን ትቶ ዳኛ ይሆናል፤ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሰው ስም አያወዳድርም። ሀያዎቹን ከአራት ቦታ አምጧቸው፦ አምስት ለልጅ ምሳ ዕቃ የሚገዙ እናቶች፣ አምስት ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ፣ አምስት መናኸሪያ ላይ ለመንገድ መጠጥ የሚገዙ ተጓዦች፣ አምስት ባለሱቆችና የካፌ አስተናጋጆች። የመጨረሻዎቹን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ስማችሁን በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚጠሩት ግን እነሱ ናቸው፤ እነሱ ያበላሹት ስም በከተማው እንደተበላሸ ይቀራል።

ለሁሉም የምታቀምሱት አንድ ዓይነት ጁስ፣ በእኩል የቀዘቀዘ፣ በትንሽ ኩባያ ይሁን። አንዱን ስም ከማንጎ፣ ሌላውን ከአናናስ ጋር ካቀመሳችሁ የምትለኩት ፍሬውን ነው።

ከማቅመሳችሁ በፊት ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ንገሩትና «ይህ ስም ያለው ነገር ሱቅ ውስጥ ብታይ ምን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያውን መልስ እንዳለ፣ በራሱ ቃል ጻፉ። «ጤዛ» ላይ ውሃ የሚል መልስ ጠብቁ። የታሸገ ውሃ ነው ብሎ ያሰበ ሰው የሚጠብቀው ዋጋም የውሃ ዋጋ ነው፤ ጁሱ በእጥፍ ሲነገረው ይደነግጣል። ከትልልቅ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ሊመጣ ይችላል። «እንደ ጤዛ ረገፈ» ለቅሶ ቤት የሚሰማ አነጋገር ነው። ከሀያው አንድ ሰው ቢያነሳው ምንም አይደል፤ አራት አምስት ካነሱት ግን በተለይ እናቶቹ መካከል ከሆነ ስሙን ጣሉት።

ቀጥሎ ስሙን በስልኩ እንዲጽፈው አድርጉ፣ አንዴ በፊደላችን አንዴ በላቲን። ጤዛን ለአንዱ Teza፣ ለሌላው Tieza፣ ለሦስተኛው Tezza ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ለዛን Leza እና Laza። ከሀያው አሥራ አምስቱ አንድ ዓይነት ከጻፉ አጻጻፋችሁ እሱ ነው፣ እናንተ የወደዳችሁት ሌላ ቢሆንም። ሰው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የሚፈልጋችሁ በራሱ አጻጻፍ ነውና። ቴሌግራም ላይ ተራ የተጠቃሚ ስም ከአምስት ፊደል ስለማያንስ Teza ብቻውን አይሆንላችሁም፤ tezajuice ዓይነት ነገር ካሁኑ ያዙ።

ሦስተኛው ማዘዝ ነው፣ የ«ለዛ» መከራም እዚህ ይጀምራል። ጫጫታ ያለበት ካፌ ውስጥ አንዱ ሰው ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ለአስተናጋጁ አንድ ጊዜ ብቻ ይዘዝ። «አንድ ለዛ ስጠኝ» ሲል ያልፋል። «ለዛ ስጠኝ» ሲል ግን አስተናጋጁ «ለማን?» ብሎ ይዞራል፣ ለዚያኛው ሰው ስጥ የተባለ መስሎት። በስልክ ይብሳል። አከፋፋይ «ለዛ ሃያ ላክ» ሲላችሁ ለየትኛው ሱቅ እንደሆነ ትጠይቃላችሁ፤ ባለሱቅ «ለዛ አልቋል» ሲል ሰበብ የሚናገር ይመስላል። ወረቀት ላይ እንደዚህ የሚያምር ስም፣ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ መስተዋድድ ይሆናል። በ«ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ወይም «የ» የሚጀምር ስም ሁሉ በዚህ ፈተና ሳያልፍ ወደ ሌብል አይሂድ። «ለዛ ጁስ ብለን እንጽፈዋለን» የሚለው መፍትሔ አይሆንም፤ ሰው ያሳጥረዋል።

አራተኛው በማግስቱ የሚደረግ ስልክ ነው። «ትናንት የቀመሱት መጠጥ ስሙ ማን ነበር?» ብላችሁ ዝም በሉ። ፍንጭ አትስጡ፣ «በጤ ይጀምራል» አትበሉ። መልሱን በሦስት ክፈሉት፦ በትክክል ያለ፣ የተጠጋ፣ ሌላ ስም የጠራ። በጣም የሚጠቅማችሁ ሦስተኛው ነው። ገበያ ላይ ያለ የሌላ መጠጥ ስም ከጠሩ፣ የእናንተ ስም ለዚያኛው ማስታወቂያ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ምዝገባ ላይም መቃወሚያ ሊያመጣ የሚችለው እንዲህ ያለ መመሳሰል ነው።

ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው። በማግስቱ ለዛን 15፣ ጤዛን 13 ሰው በትክክል አስታወሰ እንበል። ከሀያ ሰው የሁለት ሰው ልዩነት ልዩነት አይባልም፤ በሌላ ቀን ሊገለበጥ ይችላል። 14 ለ 6 ቢሆን ነበር የሚታመነው። ስለዚህ ማስታወስን እኩል ናቸው ብላችሁ ዝለሉትና ስህተቶቹን ተመልከቱ። ጤዛን 9 ሰው ውሃ ነው አለ፤ ለዛ ከሀያ ትዕዛዝ 7ቱ ላይ ተበላሸ። አሁን ጥያቄው የቱን ስህተት ማረም ትችላላችሁ የሚለው ነው። ውሃ የሚያሰኘውን በሌብሉ ታስተካክሉታላችሁ፦ ሰማያዊ ቀለም አትንኩ፣ የተቆረጠ ማንጎ በትልቁ አድርጉ፣ ፈሳሹ እንዲታይ ጠርሙሱን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት። የትዕዛዙን ስህተት ግን እናንተ በሌላችሁበት ሰው አፍ ውስጥ ስለሚሠራ ማረሚያ የለውም። እንዲህ ከመጣ እኔ ጤዛን እመርጣለሁ፣ የለቅሶው ነገር ካልበዛ።

ያሸነፈውን ስም በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ አይታችሁ አትወስኑ። በተራ ፕሪንተር በትክክለኛ መጠኑ አትማችሁ እውነተኛ ጠርሙስ ላይ ለጥፉና የምታውቁት ባለሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ከሌሎቹ መጠጦች መሐል አስቀምጡት። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ስሙን እንዲያነብላችሁ አድርጉ። የፍሪጁ መስታወት ጤዛ ሲይዝ (ይህኛው እውነተኛው ጤዛ ነው) ቀጫጭን ፊደል ይጠፋል። «ጤ» እና «ጠ» እግር ላይ ባለችው ቀለበት ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ዲዛይነር አሳምራለሁ ብሎ ቀለበቷን ካሳነሳት «ጠዛ» ተብሎ ይነበባል።

የምዝገባውን ቅደም ተከተል አታዛቡ። ንግድ ቢሮ ያስመዘገባችሁት የንግድ ስም የንግድ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛው ያለው ይመስለዋል። ምልክቱ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ የአልኮል አልባ መጠጦችና የፍራፍሬ ጁስ ክፍል 32 ነው። ሦስቱ ስሞች ወደ ፈተና ከመግባታቸው በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ መኖሩን አስፈትሹ፤ ስትፈልጉ አጻጻፉን ብቻ ሳይሆን አጠራሩን ተከተሉ፣ ጤዛ ከሆነ «ቴዛ»ንም «ጠዛ»ንም። ካለፈ በኋላ ለ60 ሰው ስሙን ስትነግሩ ወሬው እንደሚወጣ አስቡ። ቅድሚያ በአብዛኛው የሚሰጠው ቀድሞ ላመለከተ ስለሆነ የማግስቱ ስልክ ባለቀ ሳምንት ማመልከቻው ይግባ። ቃሉን በፊደላችንም በላቲንም ያለ ቀለም አስመዝግቡት፤ በአንድ ሎጎ ብቻ ካስመዘገባችሁ ዲዛይን በቀየራችሁ ጊዜ ጥበቃው ይሳሳል። ምዝገባው ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሌብሉን በብዛት ማሳተም የመቃወሚያው ጊዜ እስኪያልፍ ይቆይ፤ እስከዚያ ድረስ ለመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች በትንሽ ቁጥር የታተመ ተለጣፊ ይበቃችኋል።