ስልክዎን ዛሬ ማታ ከዋይፋይ ጋር አያሳድሩት

«ስልኬ ሳምሰንግ ነው። ትናንት ማታ ከደንበኛዬ ጋር የተጻጻፍነውን መልእክት በሙሉ በስህተት አጠፋሁት። የብር ስምምነት ስለነበረበት በጣም ያስፈልገኛል። ቴሌ ብሄድ ያወጡልኛል ወይስ የሚመልስ አፕ አለ?»

ይህን ጽሑፍ ማንበብዎን ከመቀጠልዎ በፊት የስልክዎን ዋይፋይ ያጥፉና ይመለሱ። እኔ ይህን አንድ ነገር ባለማወቄ የ86 ሺህ ብር ስምምነት የተጻፈበትን መልእክት በአንድ ሌሊት አጥቻለሁ። የእርስዎ ጉዳይ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በዚያው መንገድ እንዳይሄዱ ያየሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ልጻፍልዎ።

1. ሳምሰንግ ስለሆነ ዕድልዎ ከእኔ ይሻላል። የሳምሰንግን የራሱን የመልእክት አፕ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲነኩ Trash የሚል ይመጣል፤ የተሰረዘ መልእክት እዚያ 30 ቀን ይቆያል። የጉግልን የመልእክት አፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የመገለጫ ምስልዎን ነክተው Archived የሚለውን ይክፈቱ። ብዙ ሰው አጠፋሁት የሚለውን መልእክት በጣቱ ወደ ጎን ገፍቶ ወደዚያ የላከው ነው። ከሁለቱ በአንዱ ካገኙት የቀረውን ማንበብ አያስፈልግዎትም።

2. ወደ ስልክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሄደው ጊዜዎን አያባክኑ። እኔ በጥር 2015 እዚሁ ባሕር ዳር ወደ አንዱ ቢሮ ሄጄ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር ተሰልፌያለሁ። ተራዬ ሲደርስ በመስኮቱ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ብላ ሳታየኝ «የጠፋ መልእክት እዚህ አይሸጥም» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች። የተናገረችው ትክክል እንደነበር በኋላ ተረድቻለሁ፤ ነገር ግን ግማሽ ቀን ለተሰለፈ ሰው ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይገባት ነበር፤ እስከ ዛሬም ቅር ይለኛል። እሷ ያልነገረችኝን እኔ ልንገርዎ። የስልክ ድርጅቱ የመልእክት ማዕከል ሥራው ተቀብሎ ማስተላለፍ ነው። የተቀባዩ ስልክ ዝግ ከሆነ መልእክቱን ለተወሰነ ጊዜ ያቆየዋል፤ ካደረሰው በኋላ ግን ጽሑፉን ለደንበኛ አውጥቶ የሚሰጥበት አገልግሎት የለውም። በመዝገብ የሚይዘው ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው ቁጥር፣ በስንት ሰዓት እንደተላከ ነው፤ ምን እንደተባለ ግን በዚያ ውስጥ የለም። በወረፋው ከኋላዬ የነበሩ አንድ አባት ሲም ካርዱን በአዲስ ብቀይረው መልእክቱ አብሮ እንደሚመለስ ነገሩኝና ቀየርኩት፤ አንዲትም አልተመለሰች። በአንድሮይድ ስልክ መልእክት የሚቀመጠው በስልኩ ውስጥ እንጂ በሲሙ ላይ አይደለም።

3. እኔን የጎዳኝ የጉግል ባክአፕ፣ ማለትም ስልኩ ራሱ በጉግል ዘንድ የሚያስቀምጠው ቅጂ፣ ስለሆነ ይህን በጥሞና ያንብቡልኝ። ሥራዬ ከዘጌ ገበሬዎች ቡና ተረክቤ እዚህ ከተማ ላሉ ነጋዴዎች ማቅረብ ነው። ከአንድ ነጋዴ ጋር ስለ ዋጋው፣ ስለ ኪሎውና ስለ ቀሪው ክፍያ ለሁለት ወር የተነጋገርነው ሁሉ በጽሑፍ መልእክት ነበር። ረቡዕ ማታ ስልኬ ቦታ ሞልቷል እያለ ሲያስቸግረኝ ሁሉንም መርጬ ሰረዝኩ። ደንግጬ ለብዙ ሰው ስደውል አንድ ወዳጄ «የጉግል ባክአፕ ካለህ አትጨነቅ፣ ነገ ይመለሳል» አለኝ። ተረጋግቼ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ዋይፋዩም እንደበራ ተኛሁ።

ያቺ እንቅልፍ ናት ያከሰረችኝ። የጉግል ባክአፕ በየቀኑ አዲስ ቅጂ እየጨመረ የቀድሞውንም የሚያኖር መዝገብ አይደለም፤ የስልኩን የዚያን ሰዓት መልክ ወስዶ በቀድሞው ምትክ ያስቀምጣል። ይህን የሚያደርገውም በአብዛኛው ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ፣ ማንም ሳይነካው ሲቆይ ነው፤ ለአብዛኞቻችን ይህ ሰዓት ሌሊት ነው። ረቡዕ ከመንጋቱ በፊት የተወሰደው ቅጂ የነጋዴውን መልእክት በሙሉ ይዞ ነበር። ሐሙስ ከመንጋቱ በፊት የተወሰደው ደግሞ መልእክት የሌለበትን ስልኬን ይዞ በእሱ ቦታ ተተካ። እኔ ይህን ሳላውቅ ዓርብ ዕለት ባክአፑን ለመመለስ ብዬ የገዛ ስልኬን ፎርማት አደረግሁት። ተመልሰው የመጡት ከስረዛው በኋላ ከባንክ የደረሱኝ ሦስት መልእክቶች ብቻ ነበሩ። ፎርማት ከማድረጌ በፊት የባክአፑን ሰዓት ከሰረዝኩበት ሰዓት ጋር ባስተያይ ኖሮ ነገሩን በአንድ ደቂቃ አውቀው ነበር።

ስለዚህ እርስዎ ሰዓቱን አሁኑኑ ይመልከቱ፤ ነገር ግን በዚያው ስልክ አይሁን። በኮምፒውተር በዚያው የጉግል አካውንት ገብተው `drive.google.com/drive/backups` የሚለውን ይክፈቱ። የስልክዎ ስምና ባክአፑ የተወሰደበት ጊዜ ይታያል፤ በውስጡ ያለውን ማንበብ ግን አይቻልም። ጊዜው መልእክቱን ከሰረዙበት ሰዓት የሚቀድም ከሆነ ተስፋ አለዎት። የሚከተል ከሆነ ግን በዚህ በር አይድከሙ። በስልክዎ ላይ Back up now የሚለውን በምንም ምክንያት አይንኩ፤ አሮጌውን ቅጂ በእጅዎ አጠፉት ማለት ነው። ባክአፑን ከነጭራሹ ልዝጋው ብለውም አያስቡ፤ ሲዘጉት በጉግል ዘንድ ያለውን ቅጂ አብሮ ይሰርዘዋል። መዝጋት ያለብዎት ዋይፋዩን ነው። ባክአፑ በሞባይል ዳታ እንዲሠራ ፈቅደው ከነበረ ዳታውንም ይዝጉ።

በመጋቢት 2016 ታናሽ እህቴ እያለቀሰች ስትደውልልኝ ይህን ሁሉ አውቄ ስለነበር መጀመሪያ ያልኳት «ዋይፋዩን አጥፊ» ነው። ያጠፋችው የሟች አባታችንን መልእክቶች ነበር። አባታችን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጎርጎራ ሆኖ በየበዓሉ ይጽፍላት ነበር። የሰረዘችው እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በኮምፒውተር ስናይ የባክአፑ ቀን ቅዳሜ ሌሊት ነበር። ስልኳን ግን ፎርማት አላደረግንም። ቤት የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ወስጄ፣ በውስጡ የነበረውን ፎቶ አውጥቼ፣ እሱን ፎርማት አደረግሁት። ሲነሣ በእሷ አካውንት ገባንና ከደመናው ባክአፕ እንዲመልስ መርጠን የእሷን ስልክ ስም ነካን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊያግድዎ ይችላል። አንደኛው፣ ባክአፑ የተቆለፈው በቀድሞው ስልክ የማያ ገጽ ቁልፍ ስለሆነ ፒኑን ወይም ፓተርኑን ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ባክአፑ ከተወሰደበት አንድሮይድ በሚያንስ ቁጥር ላይ ወዳለ ስልክ አይመለስም፤ ከ13 ወደ 12 እንቢ ይላል። የእኛ ሁለቱም 13 ስለነበሩ ተሳካልን። መልእክቶቹ ወዲያው ባይታዩ አይደንግጡ፤ እኛ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቀናል። «እንኳን አደረሰሽ ልጄ» የሚለው ሲመጣ ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ ወደ ራሷ ስልክ ለማሻገር SMS Backup & Restore የሚባለውን አፕ በሁለቱም ስልኮች ላይ ጫንን። አፑ መልእክቶቹን በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ያወጣቸዋል። ፋይሉን ወደ እሷ ስልክ ልከን እዚያ እንዲመልሰው አዘዝነው። በሚመልስበት ጊዜ ዋና የመልእክት አፕ ልሁን ብሎ ይጠይቃል፤ ይፍቀዱለትና ሲጨርስ ወደ ቀድሞው ይመልሱት።

4. የጠፋን መልእክት ከስልኩ ውስጥ ቆፍረን እናወጣለን የሚሉ አፖችንና የስልክ ጠጋኞችን በተመለከተ፣ እኔ 1500 ብር ከፍዬ ያተረፍኩት ነገር የለም። መልእክቱ ያለው `mmssms.db` በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ሲሆን፣ ተራ አፕ ያንን ፋይል ከፍቶ የተሰረዘውን መፈለግ አይችልም፤ ስልኩ ሩት መደረግ፣ ማለትም የተቆለፉ የውስጥ ፋይሎቹን ለመክፈት ሙሉ ሥልጣን መሰጠት አለበት። ሩት ለማድረግ ደግሞ በአብዛኛው ስልክ ሲበራ አንድሮይድን የሚያስነሣው ቡትሎደር የሚባለው ፕሮግራም ቁልፉ መከፈት አለበት፤ እሱ ሲከፈት ስልኩ ራሱን ሙሉ በሙሉ ያጸዳል። ማለትም የሚፈልጉትን ለማግኘት መጀመሪያ ያጠፉታል። ጠጋኙ ይህን እያወቀ ገንዘቤን መቀበሉ በጣም አሳዝኖኛል።

እኔ በመጨረሻ የተወሰነ ማስረጃ ያገኘሁት ካላሰብኩት ቦታ ነው። አንድ መልእክት የሚኖረው በሁለት ስልክ ላይ ነው፤ እኔ የሰረዝኩት የእኔን ብቻ ነው። ነጋዴው የራሱን እንደማያሳየኝ ስለማውቅ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሬ ቡናውን ወደሰጡኝ አባት ሄድኩ። ለእሳቸው ነጋዴው ያለኝን ኪሎና ዋጋ እየጻፍኩ እልክ ነበር፤ በቁልፍ ስልካቸው ላይ 11 መልእክት ከነቀኑ ተቀምጦ አገኘሁ። ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርጌ እያንዳንዱን ፎቶ አነሣሁ፤ ከባንክ ቅርንጫፌም ቅድሚያ ክፍያው የገባበትን የሒሳብ መግለጫ አስወጣሁ። ሽማግሌዎች ሁለቱን አስተያይተው ነጋዴው ከ86 ሺው 50 ሺህ ብር እንዲከፍለኝ ወሰኑ። የእርስዎም ስምምነት ክፍያ የተፈጸመበት ከሆነ የባንኩ መልእክት ቢጠፋም አያስጨንቅዎ፤ መግለጫው በባንኩ አለ፣ የቴሌብር ዝውውርም በአፑ የግብይት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ደንበኛዎ ቅን ሰው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የእሱን ስልክ ገጽ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ እሱም ቦታ ሞላብኝ ብሎ ሳይሰርዝ።

የባክአፑን ሰዓት አይተው ከስረዛው የሚቀድም ሆኖ ካገኙት የአንድሮይድዎን ቁጥር እዚህ ይጻፉልኝ። ያ አሮጌ ስልክ አሁንም ቤት አለ፤ አንድሮይድ 13 ነው። የእርስዎ 13 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ ተገናኝተን እንሞክረዋለን። እስከዚያ ድረስ ስልክዎን ቻርጅ ሲያደርጉ ዋይፋዩ መጥፋቱን በየቀኑ ያረጋግጡ።