ኤለመንት ስትቀይሩ ቀለበቷን አትጣሏት

ውድ ወጣት ባለሙያዎች፣

ወደ ሙያው ከገባ ብዙም ያልቆየ አንድ ልጅ ሰሞኑን ጥያቄ ላከልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 80 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ስድስት ዓመት ያለ ችግር ሠርቶ ኤለመንቱ ተቃጠለ። ልጁ ኤለመንቱን ቀየረ፤ የድሮው አኖድ ተበልቶ ስላገኘውም በ300 ግራም አዲስ የማግኒዚየም አኖድ ተካው። ከዓመት ተኩል በኋላ ባለቤቶቹ ጠዋት ሙቅ ውሃው ቀላ ብሎ ይመጣል ብለው ጠሩት። ሲፈታው ከአኖዱ የቀረው መሃሉን ይዞ የሚያልፈው ቀጭን የብረት ሽቦ ብቻ ነው። በታንኩ ሆድ ደግሞ ብየዳው አካባቢ የዝገት እባጭ አለ። «አኖዱን የሸጡልኝ የማይረባ ይሆን?» ይላል።

አይመስለኝም። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በሙያችን ኤለመንት መቀየር እንደ ቀላል ሥራ ይቆጠራል፤ ሽቦ ፈትቶ፣ ጋስኬት አድርጎ፣ ብሎን አጥብቆ መሄድ ነው። በኤለመንቱና በፍላንጁ መካከል ያለችው የፕላስቲክ ቀለበትና አጠገቧ ያለችው ትንሽ ሬዚስተር ግን ምን እንደምትሠራ ለጀማሪ የሚያሳየው የለም። በዚህ ሳቢያ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ የሚችሉ ስንት ታንኮች ቁርጥራጭ ብረት ሆነው ቀርተዋል።

ከመሠረቱ ልጀምር። ቀዝቃዛ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይዞ ይመጣል። ውሃው ክፍት ድስት ውስጥ ቢፈላ ኦክስጅኑ አየር ላይ ይወጣ ነበር። ታንኩ ግን ተዘግቶ በግፊት ውስጥ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ሟሙቶ ይቆያል፤ ሙቀቱ ደግሞ የዝገቱን ሥራ ያፈጥነዋል። ብረት ሲዝግ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፣ ያንን ኤሌክትሮን የሚቀበለው ኦክስጅን ነው። ተቀባዩ ካለቀ ዝገቱም ይቆማል።

ክፍል የሚያሞቁ ዝግ የራዲያተር መስመሮች በተራ ብረት ተሠርተው ለረጅም ዓመታት የሚቆዩት ለዚህ ነው። በውስጣቸው የሚዞረው ያው አንድ ውሃ ነው። መጀመሪያ የያዘው ኦክስጅን ጥቂት ብረት ዝጎ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ውሃው ጠቁሮ ጸጥ ይላል። የመታጠቢያ ውሃ የሚያሞቀው ታንክ ግን ሙቅ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ውሃ፣ አዲስ ኦክስጅን ይገባለታል። በቀን 100 ሊትር የሚጠቀም ቤት በየቀኑ ወደ 900 ሚሊግራም ኦክስጅን ለታንኩ ያቀርባል ማለት ነው። አሁን ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር የሆነ ላሜራ ላይ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ለመክፈት የሚወገደው ብረት 15 ሚሊግራም ብቻ ነው። ታንክ የሚሞተው ብዙ ብረት ስላጣ አይደለም፤ ትንሽ ብረት ከአንድ ቦታ ስላጣ ነው።

ለዚህ ነው ውስጡ በኢናሜል የሚለበጠው። ኢናሜል እንደ መስታወት ነው፣ ውሃ አያሳልፍም። ነገር ግን በብየዳው መስመር፣ በቧንቧ መግቢያዎቹና በፍላንጁ ጠርዝ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አይጠፉበትም። አኖዱ የሚጠብቀው እነዚህን ነው። ማግኒዚየም ከብረት በቀለለ ኤሌክትሮን ስለሚለቅ፣ ሁለቱ በብረት ተገናኝተው አንድ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ የሚሟሟው እሱ ይሆናል፤ በኢናሜሉ ቀዳዳዎች ስር ያለው ብረት ይድናል። የቀዳዳዎቹ ስፋት ተደምሮም ትንሽ ስለሆነ የሚፈለገው ከረንት ጥቂት ሚሊአምፒር ነው።

እንግዲህ የልጁን ታንክ እናስላው። አንድ ኪሎ ማግኒዚየም በተግባር የሚሰጠው 1100 አምፒር ሰዓት ገደማ ነው። በስሌት እጥፉን መስጠት ነበረበት፣ ግማሹ ግን በራሱ ላይ በሚያደርገው መበላት ይባክናል። 300 ግራም አኖድ ስለዚህ 330 አምፒር ሰዓት ይይዛል። ታንኩ 6 ሚሊአምፒር ቢፈልግ 55,000 ሰዓት፣ ማለትም ስድስት ዓመት ከጥቂት ወር ይበቃዋል። የመጀመሪያው አኖድ የቆየውም ይህንኑ ያህል ነው። ሁለተኛው ቀላ ያለው ውሃ ከመታየቱ ሦስት ወር ያህል ቀድሞ፣ በ15 ወር አልቋል ብንል፣ በአማካይ 30 ሚሊአምፒር መስጠት ነበረበት። ኢናሜሉ በአንድ ጊዜ አምስት እጥፍ አልተበሳሳም። ታዲያ ትርፉ 24 ሚሊአምፒር ወዴት ሄደ?

ወደ ኤለመንቱ ነው። የብዙ ኤለመንቶች ልባስ መዳብ ነው፣ ያውም ኢናሜል ያልለበሰ፣ ሙሉ ገላው ውሃ ውስጥ የተዘረጋ። ለአኖዱ ከብረት ቀዳዳዎቹ ይልቅ እሱ እጅግ ሰፊ ከረንት ተቀባይ ነው። አኖድን የሚያውቁ አምራቾች ኤለመንቱን በፕላስቲክ ቀለበት ከፍላንጁ ለይተው፣ ጥቂት መቶ ኦም ባለው ሬዚስተር ብቻ የሚያገናኙት ለዚህ ነው። ጨርሶ ያልቆረጡትም በምክንያት ነው። ፈጽሞ ቢለያይ በውሃው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት በአንዱ በኩል ወደ ልባሱ ገብቶ በሌላው በኩል ወደ ውሃው ሲወጣ የሚወጣበትን ቦታ ይበላዋል። ሬዚስተሩ ጠባብ መውጫ ይሰጠዋል፣ መጠኑንም ይገድባል።

ልጁ የገዛው ኤለመንት ልኩ ገጥሟል፣ ዋቱም ትክክል ነው። ግን ቀለበት የለውም፤ ልባሱ በቀጥታ ፍላንጁ ላይ ተጠብቋል። የዚህ ግንኙነት ጉዳቱ ድርብ ነው። መጀመሪያ አኖዱን ያለ ጊዜው ጨረሰ። አኖዱ ሲያልቅ ደግሞ መዳቡ አልጠፋም፣ ከረንት መቀበሉን ቀጠለ፤ የሚሰጠው ማግኒዚየም ስለሌለ ከታንኩ ብረት መውሰድ ጀመረ። ሰፊ መዳብ በጠባብ የብረት ቀዳዳ ላይ ሲያተኩር ዝገቱ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆፍራል። ያቺ 15 ሚሊግራም እንዲህ ባለ ሁኔታ ብዙ አትቆይም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ቆርጣችሁ፣ አለመኖሩን በቴስተር አይታችሁ፣ ውሃውን አፍስሱና ፍላንጁን ከነኤለመንቱ አውጡት። ካደረቃችሁት በኋላ በልባሱና በፍላንጁ ብረት መካከል ኦም ለኩ። ጥቂት መቶ ካነበበ ሬዚስተሩ በቦታው ነው። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ኤለመንቱ በቀጥታ ተገናኝቷል። ውሃ ባለበት ታንክ ውስጥ አትለኩት፤ ውሃውና አኖዱ ንባቡን ያበላሹታል። ቀለበት ስለሌለ ብላችሁ ከጎማ ቆርጣችሁ አትሥሩ፣ የመሬት ሽቦውንም ከታንኩ አታላቅቁ። መሬት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ለዚያ ሞዴል የተሠራውን ኤለመንት ፈልጋችሁ አስገቡ።

አንዳንድ ማሞቂያዎች ላይ አኖዱ ራሱ ከታንኩ ተለይቶ በአጭር ሽቦ ይያያዛል። ያ ሲሆን ታንኩን ሳትከፍቱ ማወቅ ይቻላል። ኤሌክትሪኩ ተቆርጦ፣ ታንኩ ውሃ እንደሞላ፣ ሽቦውን ፈትታችሁ ሚሊአምፒር ላይ ያደረጋችሁትን መልቲሜትር በመካከል አስገቡ። ከ0.3 ሚሊአምፒር በታች ካነበበ አኖዱን አውጥታችሁ እዩት። ወጣቶች በዚህ በኩል ከኛ ዘመን ትበልጣላችሁ፣ መለኪያ ከእጃችሁ አይጠፋም። ግን ትልቅ ቁጥር ስታዩ «አኖዱ ጥሩ ይሠራል» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። በ80 ሊትር ታንክ ላይ 30 ሚሊአምፒር ካነበባችሁ የምሥራች አይደለም፤ አንድ ነገር እየበላው ነው። ሌላው የማይወደድላችሁ አለመመዝገባችሁ ነው። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ቀንና ቁጥር ግን አትጽፉም፤ ካለፈው ንባብ ጋር ያልተያያዘ ንባብ ደግሞ ግማሽ ዋጋ ነው ያለው።

አኖዱን በዓይን ስታዩ ከመጀመሪያው ውፍረቱ ግማሽ በታች ከሆነ ወይም የመሃሉ ሽቦ ረዘም ብሎ ከታየ ቀይሩት። ውፍረቱ ሳይቀንስ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት የሸፈነውም አኖድ ደህና አይደለም፣ ከውሃው ተለይቶ ሥራ ፈትቷል። አዲሱን ስታስገቡ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አታብዙ፤ ከታንኩ ጋር ብረት ለብረት ካልተነካካ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ዘንግ ብቻ ነው። አጥብቃችሁ ስትጨርሱ፣ ታንኩ ገና ባዶ ሳለ፣ በአኖዱ ራስና በታንኩ መካከል ኦም ለኩ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። በሽቦ የተያያዘ ዓይነት ከሆነ ሽቦውን መልሳችሁ ካሰራችሁ በኋላ ለኩ።

አኖድ በየዓመቱ ይታይ ሲባል ትሰማላችሁ፣ እኔም ይህንኑ እላለሁ። ሆኖም ኤለመንት የተቀየረበትን ታንክ ዓመት አልጠብቅለትም፣ በስድስተኛው ወር እከፍተዋለሁ። አኖዱን ከማስገባታችሁ በፊት መዝናችሁ ክብደቱንና ቀኑን በማሞቂያው ክዳን ውስጠኛ በኩል ጻፉ። በስድስት ወር ከ300 ግራሙ 25 ያህል ብቻ ካጣ ስድስት ዓመት ይሄዳል። 120 ካጣ ግን ያው የልጁ ታሪክ ነው፣ ታንኩ ሳይነካ ደርሳችሁለታል።

ለጠየቀኝ ልጅ ደግሞ፦ መጀመሪያ ከቀዝቃዛውም ከሙቁም ቧንቧ በነጭ ዕቃ ውሃ ቅዳ። ሁለቱም ከቀሉ ዝገቱ ከመስመሩ ነው፤ ሙቁ ብቻ ከቀላ ከታንኩ ነው። ከዚያ እባጩን በእንጨት ቀስ አድርገህ ፋቀው። ከስሩ ጠንካራ ብረት ካገኘህና የሚያንጠባጥብ ከሌለ፣ ባለ ቀለበቱን ኤለመንትና አዲስ አኖድ አስገብተህ በስድስት ወር ተመለስ። ብየዳው ከተበሳ ግን ልበይደው አትበል፤ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ኢናሜል ይሰነጥቀዋል፣ አንድ ቀዳዳ ዘግተህ ብዙ ትከፍታለህ። ያኔ ታንኩ ይቀየራል። አዲሱን ስትሰቅል ደግሞ የኤለመንቱን ቀለበት ለባለቤቶቹ አሳያቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠሩት ባለሙያ አንተ ላትሆን ትችላለህና።