መንቀጥቀጡ ቆመ ማለት ሞቀው ማለት አይደለም

«ታናሽ ወንድሜ ከጓሳ ዝናብ ደብድቦት መጣ። ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ አሁን አቁሟል፣ ግን ፈዟል። ተሻለው ማለት ነው?»

አልተሻለውም፣ ብሶበታል። አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና ጥራ።

ብርድ ብርድ ያለው ሰው ሁሉ ቆዳው ይቀዘቅዛል እንጂ የውስጥ ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። አደጋው ይህ ከ35 ሲወርድ ይጀምራል። እስከ 32 ድረስ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ግን ያወራል። ከዚያ በታች የመንቀጥቀጥ አቅሙ ያልቃል። ምላሱ ይተሳሰራል፣ የኮቱን ቁልፍ መክፈት ያቅተዋል። ያንተ ወንድም እዚህ ደረጃ ላይ ይመስለኛል። ከ28 በታች ራሱን ይስታል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል።

ቴርሞሜትር ፍለጋ ጊዜ አታጥፋ። የቤቱ ብዙውን ጊዜ ከ34 ወይም ከ35 በታች አያነብም።

መኪናው እስኪመጣ፦

1. አጎዛ ላይ አስተኛው። እርጥቡን ልብስ በመቀስ ቆርጠህ አውልቅለት።
2. በደረቅ ባና ከነራሱ ጠቅልለው፣ ፊቱን ብቻ ተው።
3. ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተህ በጨርቅ ጠቅልል፤ ደረቱና ብብቱ ላይ አድርግለት።

ስለፈዘዘ ምንም አታጠጣው፤ ትን ይለዋል። አረቄ ደግሞ ጭራሽ! የቆዳውን ደም ስር ከፍቶ የቀረችውን ሙቀት ያስወጣበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣርማበር ላይ እንዲህ የደነዘዘ እረኛ አግኝተን «ይሙቀው» ብለን አቁመን አራመድነው። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ተዝለፈለፈ። የቀዘቀዘ ልብ መናጥን አይቋቋምም። ወንድምህን አታስነሳው፣ እጅ እግሩንም አትሸው። ወደ መኪናው ስትወስዱት እንደተኛ፣ ቀስ ብላችሁ ተሸከሙት።