ዛፉን ከፕሪኦርደርና ከኢንኦርደር መልሶ መገንባት

ጥያቄ፦ «ፕሪኦርደሩ ብቻ ተሰጥቶኝ ባይነሪ ትሪውን መልሼ መሥራት ለምን አልችልም? ኢንኦርደሩስ ምን ይጨምርልኛል?»

መልስ፦ ፕሪኦርደር መጀመሪያ ሥሩን፣ ከዚያ የግራውን፣ ከዚያ የቀኙን ክፍል ይዘረዝራል፤ ኢንኦርደር ደግሞ የግራውን፣ ከዚያ ሥሩን፣ ከዚያ የቀኙን። ባለ ሁለት ኖድ ዛፍ እንውሰድ። ፕሪኦርደሩ «ረ ሰ» ነው እንበል። ሥሩ ረ መሆኑ ግልጽ ነው። ሰ ግን የግራ ልጅ ይሁን የቀኝ ምንም ፍንጭ የለም። ኢንኦርደርም ብቻውን አያዋጣም። «ሰ ረ» ካለ፣ ረ ሥር ሆኖ ሰ በግራው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰ ሥር ሆኖ ረ በቀኙ። በሦስት ኖድማ 5 የተለያዩ ዛፎች አንድ ዓይነት ኢንኦርደር ይኖራቸዋል።

አሁን ሁለቱን አብረን እንይ፦

```
ፕሪኦርደር፦ መ ለ ሀ ሐ ረ ሰ
ኢንኦርደር፦ ሀ ለ ሐ መ ሰ ረ
```

ፕሪኦርደር ሥሩን ስለሚያስቀድም ሥሩ መ ነው። በኢንኦርደሩ ከመ በፊት ያሉት ሀ ለ ሐ ወደ ግራ፣ ከኋላው ያሉት ሰ ረ ወደ ቀኝ ይገባሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ፕሪኦርደሩን የምንከፍለው በብዛት ነው። ግራው 3 ኖድ ስላለው፣ ከመ ቀጥለው ያሉት 3ቱ፣ ለ ሀ ሐ፣ የግራው ናቸው። የቀሩት ረ ሰ የቀኙ።

ከዚያ በየክፍሉ ያንኑ መድገም ነው። በግራ ለ ሥር ይሆናል፤ ሀ በግራው፣ ሐ በቀኙ። በቀኝ ደግሞ ረ ሥር ነው። ሰ በኢንኦርደሩ ስለሚቀድመው የግራ ልጁ ነው። ቅድም ያስቸገረን ጥንድ ተፈታ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እሴቶቹ ካልተደጋገሙ ብቻ ነው። ሁለቱም ቅደም ተከተሎች «ረ ረ» ከሆኑ፣ ልጁ በየት በኩል እንዳለ አሁንም አይታወቅም።